ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ጥያቄ

«ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ» የማይባል ግዥ ሠራተኛ የለም። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ ወንበር ሲሰበር፣ ሒሳብ ክፍል ፋይሉን መሬት ላይ መደርደር ሲጀምር ትእዛዙ ይመጣል። ሠራተኛው መርካቶ ይወርዳል፤ ካልሆነም ስልክ ደውሎ ማህተም ያረፈባቸውን ሦስት ወረቀቶች ያሰባስባል። ዝቅተኛው ዋጋ ይመረጣል፣ ኮሚቴው ይፈርማል፣ ዕቃው ይገባል። ዓመት ሳይሞላው የጠረጴዛው ጠርዝ መላቀቅ ይጀምራል፣ ወንበሩም ሰው ሲቀመጥበት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚወቀሰው ነጋዴው ነው። ወረቀቱን ወደ ኋላ ሄዶ ላየ ሰው ግን ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከነጋዴው መልስ በፊት፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በጻፈው ጥያቄ ላይ ነው። «የቢሮ ጠረጴዛ 12፣ ተሽከርካሪ ወንበር 12፣ ፋይል ካቢኔት 4» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ ለሦስት ነጋዴዎች ቢላክ፣ ሦስቱ በየልባቸው ሦስት የተለያየ ጠረጴዛ አስበው ዋጋ ይሞላሉ። አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የቆየውን፣ ሌላው ከውጭ ያስመጣውን፣ ሦስተኛው ገና ዎርክሾፕ ውስጥ የሚያሠራውን ያስባል። ዋጋቸው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ውድድር ይመስላል እንጂ የሚወዳደር ነገር የለም።

ይህ የግዥ መንገድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሕግ የታወቀ ነው። የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 «በዋጋ ማቅረቢያ የሚፈጸም ግዥ»ን ከግልጽ ጨረታና ከውስን ጨረታ ጋር አንድ የግዥ ዘዴ አድርጎ ደንግጎት ነበር፤ አሁን ቦታውን የያዘው በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1333 ነው። ዘዴው ዋጋቸው አነስ ላለና ገበያ ላይ በቀላሉ ለሚገኙ ዕቃዎች የታሰበ ሲሆን፣ በተቻለ መጠን ከሦስት ያላነሱ አቅራቢዎች እንዲጠየቁ ይፈልጋል። የግል ድርጅቶችና የተራድኦ ድርጅቶችም በየራሳቸው የግዥ መመሪያ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ቁጥሩ ሦስት የሆነው ለማመሳከር ነው። ማመሳከር የሚቻለው ደግሞ ሦስቱም ለአንድ ነገር ዋጋ ሲሰጡ ብቻ ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ለ12 ሠራተኞች አዲስ ቅርንጫፍ የሚከፍት አንድ መካከለኛ ድርጅት አለ እንበል። ቢሮው ሕንፃ ላይ 4ኛ ፎቅ ነው። የሚያስፈልገው 12 የሠራተኛ ጠረጴዛ፣ 12 ተሽከርካሪ ወንበርና 4 ፋይል ካቢኔት ነው።

ከጠረጴዛው እንጀምር፤ ገንዘቡ ከሁሉም በላይ የሚሄደው እዚያ ነውና። በደብዳቤው ላይ የጠረጴዛው መስመር እንዲህ ቢጻፍ በቂ ነው፦ «የሠራተኛ ጠረጴዛ፤ ርዝመት 140 ሳ.ሜ፣ ስፋት 70 ሳ.ሜ፣ ቁመት 75 ሳ.ሜ፤ የላይኛው ገጽ 25 ሚ.ሜ፣ ጎኑና ጀርባው 18 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ሜላሚን የለበሰ ኤምዲኤፍ፤ የሚታየው ጠርዝ ሁሉ በ2 ሚ.ሜ ፒቪሲ የተለበጠ፤ በስተቀኝ በኩል ቁልፍ ያለው ባለ 3 መሳቢያ፤ በገጹ ላይ ለኮምፒውተር ገመድ ክዳን ያለው ቀዳዳ፤ ብዛት 12።»

እያንዳንዱ ቃል የዋጋ ልዩነት ያመጣል። ኤምዲኤፍ የሚሠራው የእንጨት ቃጫ ከሙጫ ጋር በሙቀት ተጨፍልቆ ሲሆን፣ ቺፑድ ደግሞ ከእንጨት ፍርፋሪ ነው። ሁለቱም በሜላሚን ሲለበሱ ከላይ ሲያዩአቸው አይለዩም፤ ቀለማቸው አንድ፣ ልስላሴያቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ብሎን ሲገባባቸውና ውኃ ሲነካቸው ነው። ተራ ቺፑድ ብሎኑን አጥብቆ አይዝም፤ ጠረጴዛው አንድ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ከተገጠመ ቀዳዳው ይፈረፍራል። ቢሮው በየቀኑ በመወልወያ የሚጸዳ ከሆነ መሬት የሚነካው የቺፑድ ጎን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ልባሱም ይላቀቃል። የጠርዙ ልባጭ የተጠቀሰውም ለዚሁ ነው፤ እርጥበት የሚገባው በጠርዝ በኩል ስለሆነ ስስ ወረቀት መሰል ልባጭና 2 ሚ.ሜ ፒቪሲ እኩል አይከላከሉም። ደብዳቤው ስለ ውፍረትና ስለ ዓይነት ዝም ካለ ነጋዴው ርካሹን ቢያስብ ሊፈረድበት አይገባም። የተጠየቀውን ነው ያቀረበው።

ዝርዝር መግለጫ ሲጻፍ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ድካሙን ለመቀነስ የአንዱን ሱቅ ካታሎግ አንሥቶ የሞዴሉን ቁጥር ከነስሙ ይገለብጠዋል። ያኔ ያን ዕቃ የሚይዘው ነጋዴ ብቻ ይወዳደራል፤ ሌሎቹ ለወጉ ያህል ይሞላሉ። ስም መጥቀስ የግድ ከሆነ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል መከተል አለበት፤ ተመጣጣኝ መሆኑም በምን እንደሚለካ፣ ማለትም በልክ፣ በውፍረት፣ በሚሸከመው ክብደት፣ መጻፍ አለበት። ጥሩ መግለጫ የሚባለው ሦስት የተለያዩ ቤቶች ሊያሟሉት የሚችሉት፣ ነገር ግን ደካማ ዕቃ የማያልፍበት ነው።

ወንበር በወረቀት ላይ ከሁሉም ያስቸግራል። የመቀመጫው ከፍታ ከ42 እስከ 52 ሳ.ሜ የሚስተካከል፣ ባለ 5 እግር፣ 120 ኪሎ የሚሸከም፣ ጀርባው መረብ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህንን የሚያሟሉ ሁለት ወንበሮች ግን በጥራታቸው ሊራራቁ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ያለው የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ መጥበቂያው ሲያረጅ ጋዙ ያፈተልካል፣ ወንበሩም የተስተካከለበት ከፍታ ላይ አይቆምም። ስለዚህ ለወንበር ሁለት ነገር መጨመር ይበጃል። አንደኛው ዋስትና ነው፦ «ለጋዝ ሲሊንደሩ፣ ለጎማዎቹና ለእግሩ የ1 ዓመት ዋስትና፤ ብልሽት ሲያጋጥም በ10 ቀን ውስጥ መለዋወጫ ይገባል» የሚል። ሁለተኛው ናሙና ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ ዋጋ የሞላለትን አንድ ወንበር አምጥቶ ያሳይ፣ ወይም ኮሚቴው ሱቁ ሄዶ ይቀመጥበት። ያሸነፈው ናሙና ከመቀመጫው በታች ተፈርሞበትና ቀን ተጽፎበት መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቆያል። የቀሩት 11 ሲመጡ ከእሱ ጋር ይነጻጸራሉ።

የፋይል ካቢኔቱ ቀላል ነው። ባለ 4 መሳቢያ፣ የብረት፣ የላሜራው ውፍረት በሚ.ሜ ተጠቅሶ፣ ማዕከላዊ ቁልፍ ያለው ብሎ መጻፍ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አይረሳ፦ አንድ መሳቢያ ተስቦ ሳለ ሌላው እንዳይከፈት የሚይዝ መቆለፊያ ይኑረው። በወረቀት የታጨቁ ሁለት የላይ መሳቢያዎች አብረው ከተሳቡ ካቢኔቱ ወደ ፊት ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ዕቃው ከተገለጸ በኋላ ደብዳቤው የሚለውጠው ነገር ዋጋው የሚነገርበትን መንገድ ነው። በዚህ ላይ ቁጥር ማስቀመጥ ይሻላል። ቁጥሮቹ ለማስያ የተወሰዱ እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም።

አቅራቢ «ሀ» ጠረጴዛውን 18,000፣ ወንበሩን 11,000፣ ካቢኔቱን 21,000 ብር አለ። ድምሩ 432,000 ነው። አቅራቢ «ለ» ጠረጴዛውን 16,000፣ ወንበሩን 9,500፣ ካቢኔቱን 20,000 ብሎ 386,000 ሞላ። አቅራቢ «ሐ» 13,500፣ 8,000 እና 17,500 ብሎ 328,000 ላይ አረፈ። ለቸኮለ ኮሚቴ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ «ሐ» ከ«ሀ» በ104,000 ብር ያንሳል።

ወረቀቶቹን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ሀ» ግርጌ ላይ «ቫትን፣ ማጓጓዣንና መገጣጠምን ይጨምራል» ብሏል። «ለ» ምንም አላለም፤ ሲጠየቅ ዋጋው ከቫት በፊት መሆኑን፣ ማጓጓዝና 4ኛ ፎቅ ድረስ ማውጣት ደግሞ ቫትን ጨምሮ 12,000 ብር እንደሆነ ይናገራል። 386,000 ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 443,900 ይሆናል፤ ማጓጓዣው ሲታከል 455,900። በ46,000 ብር ርካሽ የመሰለው አቅራቢ በ23,900 ብር ውድ ሆኖ ተገኘ። «ሐ»ም ቫት አልጨመረም፤ ሲጨመር 377,200 ይሆናል፣ አሁንም ከሁሉ ያንሳል። ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ የላይኛው ገጽ 16 ሚ.ሜ ቺፑድ ብሎ ጽፏል። የተጠየቀውን አላቀረበምና ዋጋው ከውድድሩ ውጭ ነው። ይህንን በቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባል፤ «ዝቅተኛው ለምን ተተወ?» ብሎ ኦዲተር ሲጠይቅ መልሱ እዚያው መገኘት አለበት።

መግለጫው በደብዳቤው ላይ ባይጻፍ ኖሮ «ሐ»ን መጣል አይቻልም ነበር። ማንም 25 ሚ.ሜ ብሎ አልጠየቀውምና አሸናፊ ይሆን ነበር። መግለጫ ሲጻፍ የሚጠፋው ግማሽ ቀን የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

በዕቃ በዕቃው እናሸንፍ ወይስ በጠቅላላ ድምር የሚለውም አስቀድሞ መወሰን አለበት። በዚህ ምሳሌ «ለ» በወንበር ብቻ ትንሽ ይሻላል፤ 9,500 ከነቫቱ 10,925 ነው፣ ከ«ሀ» በ75 ብር ያንሳል። ለ12 ወንበር 900 ብር ነው። ለዚህ ብሎ ሁለት ውል መያዝ፣ ሁለት መኪና መጠበቅና ሁለት ጊዜ መረከብ አያዋጣም። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ግን መከፋፈል ብዙ ያተርፋል። ዋናው ነገር ደንቡ በደብዳቤው ላይ ሰፍሮ አቅራቢዎቹ ሁሉ ያወቁት መሆኑ ነው። ዋጋው ከታየ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ኮሚቴው የሚፈልገውን ሰው ለማሳለፍ የሚመቸውን ስሌት ይመርጣል፤ ቢያንስ እንዲህ ተብሎ ይጠረጠራል።

የምላሽ ቀነ ገደብ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይቸኩላሉ። በተለይ ሰኔ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ዛሬ ጠይቆ ነገ መልስ መፈለግ የተለመደ ነው። በአንድ ቀን መልስ የሚሰጠው ዕቃው ግምጃ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ለልኩ የሚሠራው ዎርክሾፕ የቦርድ ዋጋ ጠይቆ፣ የሠራተኛ ጉልበት አስልቶ ዋጋ ለመሙላት ጊዜ ያስፈልገዋል። ለእንዲህ ዓይነት ዝርዝር 5 የሥራ ቀን ሚዛናዊ ነው፤ ለአቅራቢ ይበቃል፣ ገበያውም ብዙ አይለዋወጥም።

ቀነ ገደቡ ሲጻፍ ቀኑ ብቻውን አይበቃም። «እስከ ኅዳር 12» የሚለው ጠዋት ነው ማታ? ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የቢሮ ቁጥሩና የሚረከበው ክፍል ይጻፍ። «ኅዳር 12 ቀን ከቀኑ 8:00 ሰዓት ድረስ፣ በታሸገ ፖስታ፣ 4ኛ ፎቅ ግዥ ክፍል» ሲባል የሚያከራክር ነገር አይቀርም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛም ለውጭ አገር ድርጅት ቅርንጫፍ የሚላክ ከሆነ ሰዓቱም ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር መሆን አለበት፤ በእኛ 8:00 ሰዓት የሚባለውን ከሰዓት በኋላ ሌላው ሰው ጠዋት ሊያደርገው ይችላል። ፖስታዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ቀነ ገደቡ እንዳለፈ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይከፈታሉ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈረማል። ዘግይቶ የመጣ ሳይከፈት ይመለሳል። አንዱ ጠዋት ተከፍቶ ሌላው ከሰዓት በኋላ ከመጣ፣ የጠዋቱ ዋጋ ለከሰዓቱ ሰው ያልተነገረው መሆኑን ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ደብዳቤው ለሁሉም በአንድ ቀን ይሂድ። አንዱ አቅራቢ ደውሎ «መሳቢያው በስተግራ ቢሆንስ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ለሌሎቹም ይጻፍ። ዋጋው የሚጸናበት ጊዜም ይጠየቅ፤ 30 ቀን የተለመደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ወንበርና ሜላሚን ቦርድ የሚሸጡ ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ በዋጋ መታሰር አይወዱም። ያ ስጋታቸው እውነተኛ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው በ30 ቀን ውስጥ መወሰን የማይችል ከሆነ ጥያቄውን ባይልክ ይሻላል፤ ሁለት ወር አቆይቶ «በሰጠኸው ዋጋ አምጣ» ማለት አይገባም።

እንግዲህ ከሁሉም የከፋው ነገር ላይ ደርሰናል። ግዥ ሠራተኛው አንድ የሚያውቀው ሱቅ ይሄዳል፤ ባለሱቁም «ሦስቱንም እኔ እጨርስልሃለሁ» ይለዋል። የራሱን ይሞላል፣ ከጎረቤቱና ከወንድሙ ማህተም ያሰባስባል። ፋይሉ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት የንግድ ፈቃድ፣ ሦስት የግብር ከፋይ ቁጥር አለ። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ይመስላል፤ ውድድር ግን የለም። አንዳንዱ ሠራተኛ ይህን የሚያደርገው ለጥቅም ሳይሆን ለድካም መቀነሻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን የሚከፍለው ዋጋ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ ሻጩ ማንም እንደማይወዳደረው አውቆ ሞልቷልና።

ይህን መለየት ይቻላል። ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጡ። ተመሳሳይ የፊደል ስህተት በሁለቱ ላይ ካለ፣ ለምሳሌ «ካቢኔት» በሁለቱም ላይ «ካብኔት» ተብሎ ከተጻፈ፣ አንድ እጅ ጽፎታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የዋጋው አቀማመጥ ከዚህ በላይ ይናገራል። እውነተኛ ተወዳዳሪዎች በአንዱ ዕቃ ርካሽ፣ በሌላው ውድ ይሆናሉ፤ ላይ ባየነው ምሳሌ «ለ» ቫት ከታሰበ በኋላ በወንበር ከ«ሀ» ያንሳል፣ በጠረጴዛና በካቢኔት ግን ይበልጣል። የተቀናበረው ሲሆን ሁለተኛው በሁሉም መስመር ላይ ከአንደኛው ልክ በ5 በመቶ፣ ሦስተኛው ልክ በ8 በመቶ ይበልጣል። አንድ ካልኩሌተርና አሥር ደቂቃ ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ጥርጣሬ ካለ፣ ዋጋ ከመሞላቱ በፊት ደብዳቤውን የወሰደው ሠራተኛ ሳይሆን ሌላ ሰው በፕሮፎርማው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ «ይህን ዋጋ እናንተ ሰጥታችኋል?» ብሎ ይጠይቅ።

ለዚህ መድኃኒቱ አቅራቢዎችን የሚመርጠውንና ፖስታውን የሚቀበለውን ሰው መለየት ነው። ዝርዝሩ በመሥሪያ ቤቱ ከተመዘገቡ አቅራቢዎች ይወጣል፣ በየዙሩ ይቀያየራል፤ ፖስታው መዝገብ ቤት ገብቶ ሰዓቱ ይጻፍበታል። ሦስት ቤት ብቻ ሲጠየቅ አንዱ ላይመልስ ይችላልና አምስት ስድስት መጠየቁም ይመከራል።

ዋጋው ከተከፈተ በኋላ «እገሌ ይህን ብሎኛል፣ አንተ ስንት ትቀንሳለህ?» እያሉ መዞርን ብዙዎች እንደ ጉብዝና ያዩታል። እኔ አልስማማም። በሱቅ በር ላይ መከራከር የገበያችን ወግ ነው፤ በታሸገ ፖስታ በተጠየቀ ዋጋ ላይ ሲመጣ ግን ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀነስለትን ጨምሮ ይሞላል። ሁለት ዙር ካለፈ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ውስጥ እውነተኛ ዋጋ አይገባም።

በመጨረሻ ርክክብ አለ። 12ቱ ጠረጴዛ ሲመጣ የሚረከበው ሰው ደብዳቤውን በእጁ ይያዝ፤ ደረሰኙን ብቻ ይዞ አይረከብ። ሜትር ይዞ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን ይለካ። ከዚያ የገመድ ቀዳዳውን ክዳን ያንሣና የውስጡን ጎን ይመልከት። ኤምዲኤፍ ከሆነ የተቆረጠው ገጽ እንደ ተጠቀጠቀ ዱቄት ልም ሆኖ ይታያል፤ ቺፑድ ከሆነ ፍርፋሪውና በመካከሉ ያለው ክፍተት በዓይን ይለያል። ልባስ ያልነካው ቦታ እዚያ ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛው በምን እንደተሠራ እዚያ ይታወቃል። ውፍረቱንም እዚያው መለካት ይቻላል። ወንበሮቹ ከተፈረመበት ናሙና ጋር ይነጻጸሩ፤ አንድ ሰው በየአንዳንዳቸው ላይ ተቀምጦ ከፍታውን ይሞክር። ያልተመሳሰለ ካለ ተለይቶ ይመለስ፤ ክፍያም እስኪተካ ይቆይ።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የቢሮ ዕቃ ግዥ ጥያቄያችሁን ሰኔ ላይ ለግዥ ክፍል አትስጡ። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ይድረሳቸው፤ መግለጫውን ለመጻፍ ሁለት ቀን፣ አቅራቢው ዋጋ ለመሙላት አምስት የሥራ ቀን፣ ናሙና ለማየት አንድ ቀን ይኑራቸው። የማነጻጸሪያው ሠንጠረዥ ለፊርማ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ድምሩን ከማየታችሁ በፊት የተላከውን ደብዳቤ አስመጡና ምን ተብሎ እንደተጠየቀ አንብቡ።